ጉዳዩ፦ ስለተሰረቀች ተሽከርካሪ የካሳ ክፍያ መጠየቅን ይመለከታል

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለመድን ድርጅቱ የተሽከርካሪ ካሳ ክፍል

በስሜ የተመዘገበችውና በድርጅታችሁ ሙሉ የመድን ሽፋን ያላት፣ የሰሌዳ ቁጥሯ ኮድ 2 አ.አ. 61734 የሆነ ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት ገርጂ ከቆመችበት ተሰርቃለች። በማግስቱ ጠዋት ለቅርንጫፋችሁ ደውዬ ነግሬያለሁ። ከሰዓት በኋላም በአካል መጥቼ የማሳወቂያ ቅጹን ሞልቻለሁ። ያኔ የጎደሉት ወረቀቶች አሁን ስለተሟሉ የካሳ ጥያቄዬን ከነማስረጃው አቀርባለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እናት አርፈው ስለነበር ለቅሶ ለመድረስ ከቢሮ በቀጥታ ወደ ገርጂ ሄድኩ። የደረስኩት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ትንሽ ወረድ ብዬ፣ ሌሎች መኪኖች በተደረደሩበት ኮብልስቶን ዳር አቆምኩ። መስኮቶቹን ዘግቼ በሪሞት ቆለፍኩ፤ የበሩንም እጀታ ስቤ አየሁ። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ስወጣ መኪናዋ የለችም። ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ፣ በድንጋዮቹ መሐል የተፈረፈረ መስታወት ነበር። ፖሊስ ፎቶ አንስቶ ፍርፋሪውን በላስቲክ ሰብስቦ ወስዷል።

መኪናዋ አላርም አላት፤ ሲጮህ የሰማ ሰው ግን አልተገኘም። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ድንኳን ውስጥ ላለ ሰው የውጭ ድምፅ መለየት ከባድ ነበር። መኪና የሚጠብቁ የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ እነሱም ያዩ የነበረው ከድንኳኑ ፊት ለፊት የቆሙትን ነው። ሁለቱ ልጆች ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ጂፒኤስ አልተገጠመላትም፤ ውላችንም ይህን ግዴታ አላደረገም።

የፖሊስ ማስረጃውን በተመለከተ አንድ ነገር ከወዲሁ ላስረዳ። ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ያመለከትኩት በዚያው ምሽት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲጻፍ በሻንሲ ቁጥሩ ላይ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ነበር። በሊብሬው ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 3184 ናቸው፤ በደብዳቤው ላይ 3148 ተብሎ ወጣ። ተመልሼ አመልክቼ፣ ጣቢያው ማስተካከያ ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ ሰጥቶኛል። ሁለቱንም ያያያዝኩት በኋላ "ቁጥሩ አይገናኝም" ተብሎ ፋይሉ እንዳይቆም ነው። ምርመራው አሁንም ክፍት ነው፤ መኪናዋም እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

የባለቤትነት ሰነዶቹ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። መኪናዋን በ2014 ዓ.ም. ከግለሰብ ገዝቼ፣ የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጸድቆ ስሙ ወደ እኔ ዞሯል። የባንክ ዕዳም ሆነ እገዳ አልነበረባትም። የሊብሬው ዋና ቤት ነው የሚቀመጠው፤ ከመኪናዋ ጋር የሄደው ኮፒው ብቻ ነው። ዋናውን ይዤ መጥቼ ለማመሳከር ዝግጁ ነኝ። ካሳው ሳይወሰን ግን ዋናውን ጥዬ አልሄድም፤ መኪናዋ ብትገኝ መጀመሪያ የምጠየቀው እሱን ነው። ስም እንዳይዛወርባትም ፋይሏ ላለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ፤ ገቢ የተደረገበት ማመልከቻ ኮፒ ተያይዟል።

የመድን ውሉ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሲታደስ መኪናዋን ያያት የእናንተው ባለሙያ ነው። የመድን ዋጋዋ 1,400,000 ብር ሆኖ የተጻፈውም፣ ዓረቦኑን የከፈልኩትም በዚያው ሂሳብ ነው። በውሉ ላይ የሰፈረው የራስ ድርሻ እንደሚቀነስ አውቃለሁ። ከዚያ ውጭ ዋጋው ዝቅ ይላል የሚል ሐሳብ ካለ ስሌቱ በጽሑፍ ይድረሰኝ። መኪናዋ ውስጥ የነበሩትን ጃኬትና የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ለፖሊስ አስመዝግቤያለሁ፤ ከእናንተ ግን አልጠይቅም።

ስለዚህ ካሳው በውሉ መሠረት እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። መኪናዋ እስክትፈለግ የምትጠብቁት ጊዜ ካለ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠርና መቼ እንደሚያበቃ በደብዳቤ አሳውቁኝ። "ተመላልሰሽ ጠይቂ" የሚለው መልስ ሥራ ላለው ሰው አይመችም። የጎደለ ወረቀት ካለም አንድ ላይ ዘርዝራችሁ ብትነግሩኝ ባንድ ጊዜ አሟላለሁ። ስልኬ በውሉ ላይ ያለው ነው።

ከሰላምታ ጋር

ትዕግሥት ወርቁ
(ፊርማ)

አባሪ 1፦ የፖሊስ ማስረጃና የማስተካከያ ደብዳቤ
አባሪ 2፦ የሊብሬ፣ የሽያጭ ውል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የዓመታዊ ምርመራ፣ የመድን ውልና የመንጃ ፈቃድ ኮፒ፤ ለአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት የገባ ማመልከቻ ኮፒ
አባሪ 3፦ ስለ ቁልፎቹ የተሰጠ መግለጫ፣ ከቁልፍ ቀራጭ ደረሰኝ ኮፒ ጋር

አባሪ 3
ስለ ቁልፎቹ የተሰጠ መግለጫ

እኔ ትዕግሥት ወርቁ፣ የሰሌዳ ቁጥሯ ኮድ 2 አ.አ. 61734 ስለሆነችው መኪናዬ ቁልፎች የሚከተለውን እገልጻለሁ።

በእጄ ያሉት ቁልፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መኪናዋን ስገዛ ከሻጩ የተረከብኩት ሪሞት ያለው ቁልፍ ነው። ጥቁሩ ፕላስቲክ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቆ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ሻጩ ሌላ ቁልፍ አልሰጠኝም፤ መኪናዋ ስትመጣም ባንድ ቁልፍ እንደመጣች ነው የነገረኝ። ሁለተኛውን በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መርካቶ አስቀርጬዋለሁ። ሪሞት የለውም፤ በሩንም ይከፍታል፣ ሞተርም ያስነሳል።

በዚያ ምሽት የሪሞቱ ቁልፍ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬም ከጎኔ አልተለየም። ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ስሰጥ አውጥቼ ለመርማሪው አሳይቼዋለሁ፤ ይህም በቃሌ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛው ቁልፍ ቤት፣ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ይህን የሚጠቀመው ባለቤቴ ነው። እሱ በዚያ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ቤት ነበር፤ ደውዬ ስነግረው መሳቢያውን ከፍቶ ቁልፉ እንዳለ አረጋግጧል።

ባለፉት ሦስት ወራት ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ የገባው ሁለት ጊዜ ነው። በነሐሴ ወር የፍሬን ሸራ ሲቀየር መኪናዋ ጋራዥ አድራ፣ የሪሞቱ ቁልፍ እዚያው ቆይቷል። እሑድ ጥቅምት 9 ቀን ደግሞ ላቫጆ ስትታጠብ ቁልፉን ለልጁ ሰጥቼ፣ አጠገቡ ካለው ጀበና ቡና ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር፤ ሲጨርስ ተቀብያለሁ። የሁለቱንም አድራሻ ለፖሊስ ሰጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ጠርጥሬ ሳይሆን የምትጠይቁኝ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ውጭ ቁልፉን ለማንም አላዋስኩም፣ ሌላ ኮፒም አላስቀረጽኩም። የቀድሞው ባለቤት ወይም ቀራጩ ትርፍ ቁልፍ አስቀርተው እንደሆነ ማረጋገጥ የምችልበት መንገድ የለኝም።

ሁለቱን ቁልፎች ለምርመራ አስረክባለሁ። በፖስታ ወይም በሰው አልልክም፤ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ሳስረክባችሁ የእያንዳንዱ መልክ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ይህ ቃሌ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ባለቤቴም ሁለተኛውን ቁልፍ የሚመለከተውን አንብቦ ከሥር ፈርሟል።

ትዕግሥት ወርቁ (ፊርማ)
ዳዊት መኮንን (ፊርማ)
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.