የታካሚ መውጫ ማጠቃለያ፦ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ድሬዳዋ

ታካሚ፦ ወንድ፣ 27 ዓመት፣ የባጃጅ ሹፌር፣ አድራሻ ሳቢያን
የገባበት፦ ጥቅምት 4 ቀን 2017 የወጣበት፦ ጥቅምት 25 ቀን 2017
ምርመራ፦ ባይፖላር አንድ፣ ከባድ ማኒያ ከሳይኮሲስ ጋር

ሲገባ፦ ለ6 ቀናት እንቅልፍ አልነበረውም። ያለማቋረጥ ይናገራል፣ ተሳፋሪ በነፃ እየጫነ ገንዘብ ያድላል፣ «ከተማዋን እንድመራ ተልኬያለሁ» ይላል፤ ለመያዝ የሞከረ ወንድሙን መትቷል። በያንግ ማኒያ መለኪያ 41 ነበር፣ ሲወጣ 9። ከ5 ወር በፊት «ድኛለሁ» ብሎ ቫልፕሮዬት አቋርጧል። በኋላ ለድብርት ፍሉኦክሴቲን ብቻውን ተጀመረለት፤ ከ3 ሳምንት በኋላ ሕመሙ ተነሣ። ጫት በየቀኑ ይቅማል፣ ያጨሳል። የወባ፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝ፣ የታይሮይድ፣ የጉበትና የፕላትሌት ምርመራው ጤናማ ነው።

የመድኃኒት ለውጥ
ፍሉኦክሴቲን ቆሟል፤ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ መዘዙን መከታተል ያስፈልጋል። ሃሎፔሪዶል በመርፌ ለ3 ቀን ተሰጥቶ አንገቱ ተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ በፕሮሜታዚን ተስተካክሏል። ዳግመኛ እንዳይሰጠው በካርዱ ላይ በቀይ ተጽፏል።

ሶዲየም ቫልፕሮዬት 500 ሚ.ግ፦ ጠዋት 1፣ ማታ 2 ፍሬ፣ ከምግብ ጋር። ሊቲየም ያልመረጥነው በድሬዳዋ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ እያላበው፣ የደሙን መጠን ሳይለኩ መስጠት አደገኛ ስለሆነ ነው።
ኦላንዛፒን 15 ሚ.ግ፦ ማታ 3 ሰዓት። ሲጋራ መጠኑን በደም ውስጥ ይቀንሳል፤ እዚህ ጥቂት ነበር የሚያጨሰው፣ ቤት ገብቶ ከጨመረ መድኃኒቱ ሊያንሰው ይችላል።
ዳያዜፓም 5 ሚ.ግ፦ ማታ፣ ለ7 ሌሊት ብቻ። አይታደስም።

የተሰጠው የ14 ቀን ብቻ ነው። መድኃኒቱን የምትይዘውና የምትሰጠው ታላቅ እህቱ ነች። የረሳው ካለ በሚቀጥለው ሰዓት የተለመደውን ይውሰድ፣ አይደርብ። ረመዳን ሲገባ መጾም ከፈለገ የጠዋቱ በሱሁር፣ የማታው በኢፍጣር ይሆናል፤ ግን አስቀድሞ ይንገረን።

ክትትል
ኅዳር 2፣ ከዚያም ኅዳር 16 ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከእህቱ ጋር። ኅዳር 23 የጉበት ምርመራና ፕላትሌት። ክብደቱ 61 ኪ.ግ ገብቶ 64 ወጥቷል፤ በየቀጠሮው ይመዘን፣ በ3 ወር የጾም ስኳር ይታይ። የባጃጁ ቁልፍ ቤተሰብ ዘንድ ይቆይ፣ መንዳት እስክንፈቅድ ድረስ። ጫት ከነሙሉው ይቁም፤ ካልቻለ መቃሙን ሳይደብቅ ይንገረን፣ ከሰዓት በኋላ ከተቃመ እንቅልፉን ወስዶ ሕመሙን ይመልሳል።

ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከ4 ሰዓት በታች ከተኛ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይምጣ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ካስመለሰው፣ ሆዱን ክፉኛ ካመመው፣ ሰውነቱ ከበለዘ ወይም መንቃት ካቃተው በዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ያምጡት። ማኒያው ሲበርድ ድብርት ሊከተል ይችላል። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ብቻውን አይተውት፣ መድኃኒቱን ከእጁ ያርቁ፣ ወዲያው ያምጡት። ጤና ጣቢያው ለድብርት ብቻውን መድኃኒት አይጀምርለት፤ ወደ እኛ ይላከው።