ቅቤ የነካው ደብተር

ፀሐይነሽ 14 ዓመት የሠራችው መዝገብ ቤት ነው። የድርጅቱ ሥራ ሲቀዛቀዝ ግንቦት ላይ 9 ሰው ቀነሱ፣ እሷም ከነሱ መሀል ሆነች። የሦስት ወር ደመወዝና የሥራ ልምድ ወረቀቷን ይዛ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመች። ለልጇ ምን ብላ እንደምትነግራት ነበር የጨነቃት።

መጀመሪያ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ጀመረች። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ትደፋዋለች። ተወችው። ቀጥላ 30 የ45 ቀን ጫጩት ገዛች፤ ፈንግል ገባባቸውና በሳምንቱ 4 ቀሩ። በመጨረሻ ልባሽ ጨርቅ አምጥታ ለሰፈር ሰው ሸጠች። ሁሉም «ደመወዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ» እያለ ወሰደ፤ እሷ ደግሞ የሰው በር አንኳኩቶ ገንዘቤን ማለት አይሆንላትም። ንግድ ለኔ አልተፈጠረም አለች። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ሌላው ሲሠራው ያየችውን ሁሉ ስትሞክር፣ እጇ የሚያውቀውን ሥራ ማንም አላስታወሳትም።

አንድ ቀን ሾላ ገበያ ሩብ ኪሎ ቅቤ ልትገዛ ሄደች። እማማ ብርቄ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ተጨቃጭቀው፣ የዱቤ ደብተራቸውን እያገላበጡ አገኘቻቸው። ገጹ ቅቤ ጠጥቶ የኋላው ጽሑፍ ወደፊት ይታያል። «የፎቁ ሴትዮ 700»፣ «የወርቁ እናት ግማሽ» ይላል። የምን ግማሽ? መቼ? ቀን የለውም።

«እማማ፣ ልየው?»

«እይልኝ ልጄ፣ ዓይኔ ደከመ።»

ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ከሱቅ አዲስ ደብተርና ማስመሪያ ገዛች፣ ለያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ከፈተች፣ ቀን፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ የቀረው ብላ አሰመረች፣ ከዚያ አሮጊቷ እያስታወሱ ሲነግሯት እየጻፈች ጀምበር ጠለቀች። ቅቤውን ሳትገዛ ልትሄድ ስትነሳ እማማ ብርቄ ግማሽ ኪሎ ጠቅልለው ሰጧት። «ሰኞም ነይ» አሏት።

ሰኞ ሄደች። የበርበሬ ነጋዴዋ አየቻት፣ ቀጥሎ ማር ሻጩ። አሁን 11 ነጋዴ አላት፣ እያንዳንዱ በወር 500 ብር ይከፍላታል። የድሮ ደመወዟን ባያክልም የቤት ኪራዩ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሁለት ሱቆች ደግሞ እየጠበቋት ነው።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ደንበኛ መጥታ «ከፍያለሁ እኮ!» አለች። ፀሐይነሽ ገጹን ገልጣ ወደ ሴትየዋ አዞረችው።

«አዎ እናቴ፣ መጋቢት 12 ሁለት መቶ ብር ከፍለዋል። የቀረው 340 ነው።»

ሴትየዋ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ መፍታት ጀመረች።