ስለ ሙሉቀን፦ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት

ለሁላችሁም፣

ባልደረባችን ሙሉቀን ዛሬ ሌሊት ማራኪ በሚገኘው ቤቱ በድንገት አርፏል። ትናንት ማታ አብሮን ከቢሮ የወጣ ሰው ነው፤ እኔም ገና አልተቀበልኩትም። ጠዋት መጋዘን ለነበራችሁት በአካል ነግሬያችኋለሁ። የደባርቅና የአይከል ሾፌሮች እየነዱ እንዳይሰሙ ጭነት ካራገፉ በኋላ ደውዬላቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው ፈቃድ ላይ ያላችሁትም ጭምር ሁላችሁም አንድ ዓይነት ነገር እንድታውቁ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ። እናቱ ዳባት ናቸው፣ ገና አልተረዱም። ነገ ማለዳ ዘመዶችና የንስሐ አባታቸው ሄደው ያረዷቸዋል። እስከዚያ ድረስ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን አትለጥፉ፣ የቴሌግራም ፕሮፋይላችሁን በሻማ አትቀይሩ፣ ዳባት ላለ ወዳጅም "እንዳትናገር" ብላችሁ አትንገሩ። እዚያ ያሉት ደንበኞቻችን እሱንም እናቱንም ያውቃሉ፤ እኒህ እናት የልጃቸውን ሞት መንገድ ላይ ከሰው አፍ ቢሰሙ እኛ የማንመልሰው ነገር ነው። ደንበኛ ከጠየቃችሁ "ዛሬ አልገባም፣ እኔ ላስተናግድዎ" በሉ፣ ይበቃል። እናቱ ከተረዱ በኋላ እኔው ራሴ እጽፍላችኋለሁ።

የሞቱን ምክንያት ቤተሰቡ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እናንተም አትገምቱ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ባለቤቱን ትዕግሥትን "አሞት ነበር እንዴ? ምን አለሽ?" እያልን ያንን ሌሊት ደግማ ደጋግማ እንድትተርክ አናድርጋት፤ ልጆቹም አጠገቧ ናቸው፣ ይሰማሉ። ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ይበቃል።

ቀብሩ ነገ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ቀሐ ኢየሱስ ነው። እናቱ እስኪደርሱ ሊገፋ ስለሚችል ከታናሽ ወንድሙ ጋር እየተደዋወልኩ ነው፣ ለውጥ ካለ እነግራችኋለሁ። ቢሮው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ መኪና ከመጋዘኑ በር ይነሳል። ፍሪጆቹን የሚጠብቅ ሰው የግድ ስለሚያስፈልግ ፍቅርተ "እኔ እቆያለሁ" ብላለች፤ እሷ ለሣልስቱ ትሄዳለች።

ስለ ሥራ አሁን ማውራት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ሙሉቀን የያዘው ክፍል ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለባቸው፣ እነዚያን መድኃኒቶች የሚጠብቅ የስኳር ታማሚ እና የምትወልድ እናት አሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትና ማታ የፍሪጅ ሙቀት የምትመዘግበው ሰላማዊት ናት፤ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሀብታሙ ነው። እስከ ዓርብ የሚወጣው አስቸኳይ ትዕዛዝ ብቻ ነው፦ ኢንሱሊን፣ ኦክሲቶሲን፣ ግሉኮስ። ሌላው ሁሉ እስከ ሰኞ ይቆያል፤ ደንበኞቹ ጋ የምደውለው እኔ ነኝ፣ የሚቆጣ ካለም እኔ ላይ ይቆጣ። የወሩ መጨረሻ ቆጠራ እንዲገፋ ለዋናው መሥሪያ ቤት ነግሬ ተስማምተዋል። ለማካካስ ብሎ ቅዳሜ የሚገባ ወይም የሚያመሽ ሰው እንዳላይ። የእሱን ደንበኞች በቋሚነት ማን ይይዛል የሚለውን ከአርባው በፊት ባናነሳው እመርጣለሁ፤ እስከዚያ እኔና ሰላማዊት እንካፈለዋለን።

ስልኩ ትዕግሥት እጅ ነው። ለምንም ጉዳይ ቢሆን እዚያ ቁጥር አትደውሉ፤ የመጋዘን ቁልፍም፣ የደረሰኝ ጥራዝም ቢሆን እኔን ጠይቁኝ። ጠረጴዛውንም እንዳለ ተዉት፣ ጃኬቱም ስኒውም እዚያው ናቸው፤ ወንድሙ ሲመቸው መጥቶ አብረን እናነሳዋለን። የደመወዙን፣ የጡረታውንና የቀሩ ክፍያዎቹን ወረቀት ከሰው ኃይል ጋር የምጨርሰው እኔ ነኝ፣ እሷ ለፊርማ ብቻ ነው የምትፈለገው፤ በዚህ ሐዘን ላይ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተትም።

መዋጮ የምትሰጡ ለሀብታሙ በእጅ ስጡት። የስም ዝርዝርና የብር መጠን ግሩፑ ላይ አይለጠፍም፤ ያለው ያለውን ይሰጣል፣ የሌለው ለቅሶ መድረሱ ይበቃዋል።

ዛሬ መሥራት ያቃተው ሰው ይሂድ። ፈቃድ አይሞላም፣ ለእኔ ወይም ለፍቅርተ አንድ ቃል ነግሮ መውጣት ነው። በተለይ ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል የምትሠሩት፣ "እችለዋለሁ" ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ፣ ቁጥር የሚሳሳተውም እንዲህ ባለ ቀን ነው። እኔ እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ነኝ፤ ስልኬ ሌሊትም ክፍት ነው።

ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ደሳለኝ