የማስተማር ፍልስፍናዬ

የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ጅማ ላይ ፈረሱላ ሲባል ያልሰማ ልጅ አይገኝም፤ 17 ኪሎ ቡና ነው። ስለዚህ የመስመራዊ እኩልታን ትምህርት ከቡና ሚዛን እጀምራለሁ። የአንዱ ፈረሱላ ዋጋ ይታወቃል፣ የመኪና ኪራዩ ቋሚ ነው። y = mx + b የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ብዙም አያስፈራም።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ የሚያወሩት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። መጀመሪያ በሚቀላቸው ቋንቋ ያስረዱኛል፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል።

በመጀመሪያው ዓመቴ ጎበዞቹን ብቻ እየጠየቅኩ ሁሉም የገባው መስሎኝ ነበር። የፈተናው ውጤት ኩም አደረገኝ። አሁን ዓርብ ዓርብ ማርክ የሌለው አጭር ጥያቄ እሰጣለሁ። የተሳሳተውን መልስ ስም ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ የት ጋ እንደሳተ አብረን እንፈልጋለን።