ለክርስትናው ጉዳይ

ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለጽጌ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ ለቅበላ ቤትሽ በመጣሁ ጊዜ ሕፃኗን እቅፌ ላይ አስቀምጠሽ «ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ደስታው ስላነቀኝ ነበር። አንቺ ዝምታዬን እሺታ አድርገሽ እንዳትወስጂው ሳምንት ሳይሞላ ጻፍኩልሽ። ይቅር በዪኝ፣ አልችልም።

እናቴ ኩላሊቷን መታጠብ ከጀመረች አምስት ወር ሆኗታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ይዣት እወጣለሁ፤ አራት ሰዓት ያህል ተኝታ ትታጠባለች፣ ከዚያ ዝላ ትመለሳለች። በሌሎቹ ቀናት የሥራ ገበታዬ ላይ የተከመረውን አቃልላለሁ። ሰማንያዋ የሚሞላው ታኅሣሥ 24፣ በተክለ ሃይማኖት ልደት፣ ዓርብ ቀን ነው። እርግጥ ነገሩ የአንድ ዓርብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንድሜን ለምኜ እመጣ ነበር።

የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የእኔን የክርስትና እናት ታስታውሻቸዋለሽ? ማተቤን በጠስኩ ቁጥር አዲስ ገምደው አንገቴ ላይ የሚያስሩልኝ፣ እሑድ ማለዳ በራችንን አንኳኩተው ቅዳሴ የሚወስዱኝ እርሳቸው ነበሩ። እኔ ግን ከዚህ በፊት ክርስትና ያነሣኋት ልጅ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል እንደገባች እንኳ ስጠየቅ አፍሬ ዝም አልኩ። ስለ ሕፃን ሆኖ ሃይማኖት መመስከር ቃል ነው፤ የማልጠብቀውን ቃል በልጅሽ ላይ አልጨምርም። «ስምሽ ብቻ ይግባ፣ ሌላ ሰው ያቅፋታል» እንዳትዪኝ። አውቅሻለሁ፣ ትዪኛለሽ።

እኔን ለማክበር ብላችሁ ቀኑን እንዳታሳልፉት። የባለቤትሽ ታላቅ እህት ከቤተ ክርስቲያን የማትለይ፣ ለእናንተም በእግር የምትደረስ ናት፤ ከእኔ በኋላ የታሰበች መሆኗን ሳትሰማ ብትጠይቂያት ደስ ይለኛል። ለነጩ ቀሚስና ለነጠላዋ ሌላ ወጪ አታውጪ፣ ሁለቱንም ገዝቻቸዋለሁ። ድግሱ የጾም ስለሆነ ሽሮውንና ድፎ ዳቦውን ለእኔ ተዪልኝ፤ ሐሙስ ማታ አድርሼ እመለሳለሁ። ዓርብም እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ወደ ማምሻው፣ ብቅ እላለሁ።

አበ ልጅ መባባላችን መቅረቱ ሆዴን አባብቶታል፤ አንቺም ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ፣ ብትቆጪኝ መብትሽ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስቢ፦ ክርስትና ባነሣት ኖሮ ዝምድናው ጋብቻ ይከለክለን ነበር። አሁን የእኔ ጎረምሳ፣ ዕድሜው ሦስት ዓመት ቢሆንም፣ ለልጅሽ ሽማግሌ ከመላክ የሚያግደው የለም።

እናቴ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብዬ የመረቅኋት እኔ ነኝ፣ ልጇን ሳላይ እንዳልቀር» ብላለችና አራስነትሽ ሲያበቃ ይዘሻት ነዪ።

እህትሽ አልማዝ