አንድ የሥራ ታሪክ በሁለት አነጋገር፦ ለጨረታውና ለድረ ገጽሽ

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ?

ያልሽኝን ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ለጨረታው ቴክኒካል ሰነድ የሚገባው ነው። ሁለተኛው ለድረ ገጽሽ እንደ አዲስ የጻፍኩት ነው። ዲግሪው፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የሠራሽው ሥራ በሁለቱም አንድ ነው። ይህን በጣም ተጠንቅቄበታለሁ። ከገምጋሚ ኮሚቴው አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቢፈልግሽ፣ ሰነዱ ላይ ያነበባትን ሴት ራሷን ማግኘት አለበት።

ለጨረታ ሰነዱ

ቁልፍ ባለሙያ፦ የተዳፋት ጥበቃና የድሬኔጅ መሐንዲስ

ባለሙያዋ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በሲቪል ምህንድስና ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2006 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን በጂኦቴክኒካል ምህንድስና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. አግኝታለች።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች እንዲሁም በአጎራባች ወረዳዎች በሳይት መሐንዲስነት፣ በዲዛይነርነትና በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት አገልግላለች። በእነዚህ የሥራ መደቦች የድጋፍ ግንብና የጋቢዮን ዲዛይን፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ዲዛይንና ግንባታ ቁጥጥር፣ የአፈር ናሙና ምርመራ ውጤት ትንተና፣ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ዝግጅት እንዲሁም የክፍያ ሰርተፊኬት ማረጋገጥ ሥራዎችን አከናውናለች።

በዚህ ጨረታ ለቀረበው ሥራ ባለሙያዋ የተዳፋት መረጋጋት ጥናቱን ትመራለች፣ የዲዛይን ሰነዱን ታዘጋጃለች፣ በግንባታው ወቅትም የጥራት ቁጥጥሩን በኃላፊነት ታከናውናለች። አማርኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ትጽፋለች። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎች ከሰነዱ ጋር ተያይዘው ቀርበዋል።

ይሄ በቃ። «ታታሪ»፣ «ሥራዋን የምትወድ» የሚሉትን አውጥቻቸዋለሁ። ኮሚቴው ነጥብ የሚሰጠው ለዲግሪ፣ ለልምድና ለተመሳሳይ ሥራ ነው። ሥራሽን መውደድሽ የሚታየው ከዚህ በታች ነው። እዚያ ራስሽ «እኔ» ብለሽ ታወሪያለሽ።

ለድረ ገጽሽ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ዳገት እንዳይናድ ማድረግ ነው። መሐንዲስ ነኝ። የድጋፍ ግንብ፣ ጋቢዮንና የጎርፍ ቦይ እነድፋለሁ። ሲሠሩም ቆሜ እቆጣጠራለሁ።

ደሴን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጦሳ ከላይ፣ ቦርከና ከታች፣ ቤቶቻችን መሐል ላይ። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ውሃ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። መንገድ ለማስፋት ወይም መሠረት ለማውጣት ዳገቱን ስንቆርጠው ደግሞ ለዘመናት ይዞት የኖረውን ሚዛን እናዛባበታለን። አብዛኛው ሰው እኔን የሚጠራኝ ያኔ፣ መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ከመቆፈሩ በፊት ብትጠሩኝ ግን ሥራውም ይቀላል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ግንብ ሲወድቅ ብዙ ሰው አፈሩ ከብዶት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃው ነው። ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንብ አለ እንበል። ከጀርባው እስከ አናቱ ውሃ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ በ4.5 ቶን ያህል ክብደት ይገፋዋል። የአፈሩ ግፊት ሌላ ነው። ስለዚህ ስለ ግንቡ ውፍረት ከማውራታችን በፊት እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ የት የት ናቸው? ከጀርባው የሚሞላው ጠጠር ነው ወይስ የተቆፈረው ጭቃ ራሱ? ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ አለ? ቀዳዳ የሌለው ግንብ ግድብ ሆነ ማለት ነው፤ ግድብ እንዲሆን ብሎ የነደፈው ደግሞ የለም።

ጋቢዮን የምወደውም ለዚሁ ነው። በሽቦ ቅርጫት የተደረደረ ድንጋይ ውሃውን ያሳልፋል። መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥ አብሮ ይጎብጣል እንጂ እንደ ሲሚንቶ ግንብ ወዲያው አይሰነጠቅም። ድንጋዩ እዚሁ አለ፣ ድንጋይ መደርደር የሚችሉ እጆችም እዚሁ አሉ። በእርግጥ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ሰፊ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግንብ ይሻላል። አንዳንዴ ደግሞ ቦዩን አስተካክሎ ዳገቱ ላይ ቬቲቨር ሣር መትከል ብቻ ይበቃል። ሲበቃ «ይበቃል» እላችኋለሁ፤ የማያስፈልግ ግንብ አልነድፍም።

ኮምቦልቻ ሌላ ዓለም ናት። በዶቃቂት ቁልቁል ስትወርዱ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ። አየሩ ይሞቃል፣ መሬቱ ለጥ ይላል። እዚያ ጭንቄ የሚናድ ዳገት ሳይሆን ከላይ መጥቶ የሚተኛ ውሃ ነው። ጎርፉ ይዞት የመጣው ደለል ሜዳ ላይ ሲደርስ ይረጋል፣ ቦይ ይደፍናል። ቆሻሻ ሲጨመርበት ውሃው ወደ ሱቅና ወደ ቤት ይዞራል። ስለዚህ ለኮምቦልቻ ቦይ ስነድፍ ማን፣ በምን፣ መቼ እንደሚጠርገው አብሬ አስባለሁ። ሰው አካፋ ይዞ ሊገባበት የማይችል ቦይ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ይህን ሙያ የጀመርኩት እዚያው ኮምቦልቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሲቪል ምህንድስና ተመረቅኩ። በ2007 ሳይት ላይ ሥራ ጀመርኩ። አፈርን ይበልጥ ለማወቅ ስለፈለግኩ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በ2011 በጂኦቴክኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ። ከዚያም ወደ ቤቴ።

አንድ ቦታ ለማየት ስመጣ፣ ከተቻለ ዝናብ ሲዘንብ መምጣት እመርጣለሁ። መሣሪያዬን ከመትከሌ በፊትም የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች አነጋግራለሁ። ድሮ ምንጭ የነበረው የት ጋ ነው? የትኛው አጥር ነው በየዓመቱ የሚያዘነብለው? እነዚህን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ቡና ላይ ቁጭ ብለው የነገሩኝ ነገር ብዙ ጊዜ የጉድጓድ ምርመራውን የት የት እንደማደርግ ወስኖልኛል።

መኖሪያ ቤት ለምትሠሩ፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ግቢዎች፣ ለማኅበራትና ለሥራ ተቋራጮች እሠራለሁ። የአዲስ ተመራቂዎችን ጥያቄም በደስታ እመልሳለሁ፤ በተለይ ሳይት ላይ ብቻዋን ሴት ለሆነች መሐንዲስ ሁሌም ጊዜ አለኝ። ከታች ባለው ሳጥን ጻፉልኝ። የቦታውን ፎቶ ከላይም ከታችም አንስታችሁ ብትልኩልኝ ቶሎ እንግባባለን።

እትዬ፣ ያለቀው ይሄ ነው። ለድረ ገጹ ያን በጥቁር ኮት የተነሳሽውን ፎቶ አታድርጊበት፤ እሱ ለሲቪው ይሁን። ገራዶ ላይ ቦት ጫማ አድርገሽ የተነሳሽው አለ አይደል? እሱን ላኪልኝ። የጨረታውን ግን ዛሬውኑ አትሚና ፈርሚበት፤ ከፋይናንሺያሉ ጋር በአንድ ፖስታ እንዳይታሸግም ለቢሮሽ ልጆች ንገሪያቸው።