መቶ ሺህ የሞላን ቀን፣ ሱቁ ደጅ ላይ

እንዴት ናችሁ? አማን ናችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ሸራው ጋ ያላችሁ ይሰማችኋል? ማይኩን የጠገንኩት ትናንት ማታ ስለሆነ ድምፁ ቢታፈን የማሳብብበት ሰው የለኝም።

ካሜራው እየቀዳ ነው። ስለዚህ እዚህ ደሴ ቧንቧ ውሃ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁትም፣ ስልካችሁን ይዛችሁ በየአገሩ ለምታዩኝም ነው የምናገረው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሳይሸፍነን ቶሎ ለመጨረስ እሞክራለሁ። እማ፣ ቡናው እስኪፈላ እንኳን አልጨርስም ብለሽ እንዳትስቂ።

መጀመሪያ ይቺን ላሳያችሁ። አዎ፣ አክምባሎ ናት። ልጆቹ ብርማ ቀለም ረጭተው መሃሏ ላይ ሦስት ማዕዘን ቆርጠው ሲልቨር በተን ሠሩልኝ። እውነተኛው ገና አልመጣም። ቻናል መቶ ሺህ ሰብስክራይበር ሲሞላ ዩቲዩብ ኮድ ይሰጥህና ስምና አድራሻ ሞልተህ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ ትጠብቃለህ። አድራሻ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። «ከዳቦ ቤቱ ጎን ገባ ብሎ፣ ራዲዮ ጠጋኙ ብላችሁ ጠይቁ» ተብሎ ለውጭ አገር ሰው አይጻፍም። በመጨረሻ የአጎቴን ልጅ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ተበደርኩ። ሲመጣ ግን ግድግዳው ላይ የምሰቅለው ይቺኑ አክምባሎ ነው፤ ያኛው ከሥሯ ይቆማል።

አጀማመሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዲሶች ስላላችሁ ግን ባጭሩ ልበል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማውን ለቀን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኖቹ የሉም፣ መሣሪያዎቹ የሉም፣ መደርደሪያውም የለም። የቀረው ወለሉ ላይ የወደቀ አንድ ቴስተርና ማንም ሊሸከመው ያልፈለገ የተበላሸ ራዲዮ ክምር ነው። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አላወራም። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የራሱ አለው፤ የኔ ቀላሉ ነው።

ያኔ ሰው አዲስ ዕቃ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። የተቃጠለ ምጣድ፣ እጀታው የወለቀ ምድጃ፣ የማይቻርጅ የእጅ ባትሪ እየያዘ ይመጣል። ሁሉንም ልሠራ አልቻልኩም። «ይሄን እኮ ቤታችሁ ትችሉታላችሁ» ማለት ጀመርኩ፤ ሰው ሲሄድ ይረሳዋል፤ እህቴ «ለምን አትቀርጸውም?» አለችኝ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ስኳር ጣሳ ላይ አስደግፈን ቀረጽን። የመጀመሪያው ቪዲዮ በሳምንቱ 41 ጊዜ ታየ። ሠላሳውን ያየችው እሷው ናት፤ አሁን ብትክድም። «ይሠራል!» የሚለውም የዚያን ቀን የመጣ ነው። ራዲዮው ድንገት ሲጮህ ደንግጬ ያልኩት ነው እንጂ መፈክር ብዬ አልነበረም።

አንድ ሺህ ሰብስክራይበር ለመሙላት አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ደግሞ ዳታ የጠፋበት ጊዜ መጣ። የዚያን ጊዜ ቪዲዮዎች እንዴት እንደወጡ ለካሜራ ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ልናገር። ሜሞሪ ካርዱን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ ስልክ ቁጥር ጽፌ፣ ከመናኸሪያ ለአውቶቡስ ረዳት እሰጠዋለሁ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ትቀበለውና ትጭነዋለች። የጻፋችሁትን ኮመንት ደግሞ በእጇ ገልብጣ በዚያው አውቶቡስ ትልክልኛለች፤ መልሴን በወረቀት ጽፌ እልካለሁ። ከናንተ አንዳችሁ «ለምን በሁለት ሳምንትህ ትመልሳለህ፣ ኮራህ እንዴ?» ብላችሁኝ ነበር። ይኸው ምክንያቱ። ከእነዚያ ረዳቶች አንዱ ዛሬ እዚህ አለ፤ ስሙን አትጥራ ስላለኝ አልጠራም፤ እጁን ግን ያነሳል። አንድም ካርድ አልጠፋበትም። አጨብጭቡለት እንጂ!

ምስጋና ካልኩ ጎረቤቶቼን አልዘልም። ብረታ ብረት ቤቶቹ እኔ «ቀረጻ!» ስል መዶሻ ያቆማሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምላቸው እኔ አውቃለሁ፤ እነሱም ስንት ብር እንደሚቀርባቸው ያውቃሉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ልምጣ። ይሄ ቻናል ያደገው በተሳሳትኩበት ቪዲዮ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲቆም ብዙ ጊዜ ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ የተዘረጋው ሽቦ አንድ ቦታ ተበጥሶ ነው። እኔ ደግሞ በድፍረት «የተቃጠለችውን ቁራጭ አውጡና የቀረውን ሳብ አድርጋችሁ ጠምዝዙ፣ ይሠራል!» አልኩ። ሠራም። ብዙ ሰው አየው፣ ሼር ተደረገ። ከአሥር ቀን በኋላ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መምህር እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ወንድሜ፣ ሽቦውን ስታሳጥር ምን እንዳደረግህ በካልኩሌተር አስላው።»

ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩት። ከዚያ ማታ ላይ፣ ማንም ሳያየኝ፣ አሰላሁት። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሽቦውን አንድ አምስተኛ ብታሳጥረው የሚስበው ወደ 20 ይወጣል፤ 4,400 ዋት ማለት ነው። ምጣዱ ቶሎ ስለሚግል ባለቤቷ ደስ ይላታል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን ደስ አይለውም። የተጠመዘዘው መገጣጠሚያ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይፍምና እዚያው ላይ መልሶ ይበጠሳል። ሰው ቤት እሳት የሚያስነሳ ነገር ነው ያስተማርኩት።

ቪዲዮውን አወረድኩ። «ተሳስቻለሁ፣ ያንን ያደረጋችሁ አቁሙት» የሚል ሌላ ሠራሁ፦ ሽቦው በልኩ፣ በውፍረቱ፣ ሙሉውን ይቀየር፤ የቆርቆሮው አካል የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ምጣድ በኤክስቴንሽን አይሰካ። ይሄ ከሠራሁት ሁሉ በብዛት የታየው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቪዲዮ ከመውጣቱ በፊት መምህሩ ያየዋል። ይቆጣኛል፣ እኔም እከራከረዋለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይረታል። ጋሼ፣ ከፊት ነው የተቀመጡት፤ ዛሬ እንኳን አይቆጡኝ።

እንግዲህ ወዴት እንሄዳለን? ሐሳቡ ከኔ አልመጣም። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን በድምፅ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦ «ወንድም ዓለም፣ ቪዲዮህን አየሁት፤ እናቴ ግን ስማርት ስልክ የላትም። ሐይቅ ናት። ምጣዷ ከተበላሸ አራት ወር ሆኗል፤ እኔ እዚህ ሆኜ እንዴት ልጠግንላት?» ይሄን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መቶ ሺህ ሰው ሲያየኝ፣ ዕቃው የተበላሸባቸው እናቶች ግን አያዩኝም ማለት ነው። የሚያዩኝ ልጆቻቸው ናቸው፤ ያውም ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ።

ሐይቅ ሄድኩ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ አይደለም። ምጣዱን ሠርቼ ስጨርስ እናትየው እጄን ይዘው «አሁን ለጎረቤቴ ደግሞ» አሉኝ። ከጎረቤታቸው ወደ ሌላ ጎረቤት ስዞር መሸብኝና አዳሬ እዚያው ሆነ። ካሜራ ይዤ አልሄድኩም ነበር፤ እንኳን አልያዝኩ።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከሱቁ እንወጣለን። በወር አንድ ጊዜ አንድ ከተማ ሄደን ሁለት ቀን ቤት ለቤት እንጠግናለን። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ኩታበር፣ ከሚሴ፤ ወደ ሐይቅም እንመለሳለን፣ ቃል አስገብተውኛል። ባቲ በሰኞ ገበያዋ ቀን ነው የምንገባው፤ ከገጠር የመጣውም ሰው የእጅ ባትሪውንና ራዲዮውን ይዞ ያገኘናል። ውጭ ያላችሁ ልጆች የእናታችሁን ሰፈርና የተበላሸውን ዕቃ ጻፉልን፤ ስልክ ቁጥር ግን ኮመንት ላይ እንዳትጥሉ፣ በውስጥ መስመር ላኩት። ባለቤቷ ካልፈቀደች አንቀርጽም። ጓዳዋን አሳይታ ሰው እንዲስቅባት የምትገደድ እናት አትኖርም።

ከከሚሴ ጀምሮ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም እንሠራለን። እኔ አይደለሁም የምናገረው፤ የኔን ኦሮምኛ ሰምታችሁ ብትስቁ ቻናሉ የኮሜዲ ይሆናል። እዚያ ያለ አንድ ጠጋኝ ተስማምቷል፣ ከኔ የተሻለም እጅ አለው። እነዚህ ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ሴት ልጆችም ከአሁን በኋላ ካሜራ ፊት ናቸው። አንዷ በስድስት ወር ውስጥ እኔ በአራት ዓመት የለመድኩትን ለምዳለች። ይሄን ስናገር ትንሽ ያመኛል፣ ግን እውነት ነው።

በየሳምንቱ የሚወጣው ቪዲዮ በወር ሁለት ይሆናል። የዩቲዩብ ነገር የሚያውቁ «አታድርግ፣ እይታህ ይወርዳል» ብለውኛል። ይውረድ። በየሳምንቱ ለማድረስ ስሮጥ ነው ያንን ምጣድ ያበላሸሁት።

ገንዘቡስ? ይሄን መጠየቃችሁ አይቀርም። የስፖርት ውርርድ የሚያስተዋውቅ አንድ ድርጅት ለሦስት ቪዲዮ የሱቄን የዓመት ኪራይ የሚሸፍን ብር አቅርቦልኝ ነበር። ዋሽቼ «ወዲያው እምቢ አልኩ» ልላችሁ አልችልም፤ ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ከዚያ የሰፈሬ ልጆች ለዚያ ሲሉ ስልክ ሲሸጡ ያየሁት ትዝ አለኝ። የሸጡት ለኔ ነበር፤ ገዝቻቸዋለሁም። ማስታወቂያው እዚህ ቻናል ላይ አይመጣም። ለጉዞው ነዳጅ ከሱቁ ገቢና ከቻናሉ ከምናገኘው ይወጣል፤ የጎደለ እንደሆነ ከተማ እንቀንሳለን።

ተምኔል ላይ «ፈነዳ!!!» ብዬ የጻፍኩባት ቪዲዮ ላይ ምንም እንዳልፈነዳ ታውቃላችሁ። እሷንም ይቅር በሉኝ።

እትዬ፣ ከነጠላው ሥር የያዙት ምንድን ነው? ምጣድ ነው እንዴ? ዛሬ እኮ ድግስ ነው... እሺ፣ እሺ፣ ያምጡት። ሽቦው ነው ወይስ ማብሪያው? ልጆች፣ ያንን ጠረጴዛ ከዳቦው አጽዱልኝ፤ ቴስተሩም ይምጣ። አንቺ ነይ፣ ዛሬ የምትከፍችው አንቺ ነሽ፤ እኔ ቡናዬን እጠጣለሁ። ካሜራውን አታጥፉት።